«ይሬዕየኒ» ወይስ «እረኛዬ»፦ በግእዝ መጽሐፍ ውስጥ የጽርእን አሻራ በምን እንለያለን?

ወለተ ዳዊት

ሰላም ለሁላችሁ። ዳዊትን በግእዝ ደጋግሜ ከጨረስኩ በኋላ አሁን ወንጌል ጀምሬያለሁ። መጽሐፎቻችን ከጽርእ፣ ማለትም ከግሪክኛ፣ እንደተተረጎሙ ሁሉም ይናገራል። እንደ ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን፣ ጰራቅሊጦስ ያሉትን ደግሞ ድምፃቸው ራሱ ያጋልጣቸዋል፤ እነሱ አላስቸገሩኝም። የሚያስቸግረኝ ቃሉ ጥርት ያለ ግእዝ ሆኖ አሰካኩ ወይም ትርጉሙ ከጽርእ የተቀዳው ነው። «ወኮነ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር፣ «እንዘ ይብል»፣ «ዘበሰማያት»፣ «ለዓለመ ዓለም»፤ እነዚህ ግእዝ ድሮም የሚናገርባቸው ናቸው ወይስ ተርጓሚው የጽርኡን ቃል እግር በእግር ሲከተል የመጡ? የምትለዩበት መንገድ ካላችሁ በአንድ ጥቅስ ላይ አሳዩኝ።

ዘአክሱም

እህቴ፣ ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ግእዝና ዕብራይስጥ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። «ወኮነ» የዕብራይስጡ «ወይሂ» ነው፤ «እንዘ ይብል»ም «ሌሞር» ነው። ብሉይ ኪዳን ደግሞ ከቀዳማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እኛ ዘንድ ነበረ። ስለዚህ የግሪክ አሠራር የሚባለው ሲፈተሽ አብዛኛው ዕብራይስጥ ሆኖ ይገኛል። ጽርእ የገባው በሐዲስ ኪዳን በኩል ነው፤ እሱም በጥቂት ቃላት።

ሦስት ዓምድ

ዘአክሱም ግማሹን ልክ ብሏል፤ ከዚያው ልነሳ። «ወኮነ» እና «እንዘ ይብል» ምንጫቸው በእርግጥ ዕብራይስጥ ነው። ነገር ግን ብሉይን ወደ ጽርእ የመለሱት ሰዎች ዕብራይስጡን ቃል በቃል ስለተከተሉ፣ የዕብራይስጥ ወዝ ያለው ጽርእ ጽፈዋል። የግእዙ ተርጓሚ ያንን ጽርእ ፊቱ ዘርግቶ ከሠራ፣ ዕብራይስጥ ሳያውቅ ዕብራይስጥ የሚመስል ነገር ይጽፋል። ስለዚህ አንድ አነጋገር ዕብራይስጥ መምሰሉ ተርጓሚው የትኛውን መጽሐፍ ይዞ እንደነበረ አይነግረንም። የሚነግረን ጽርኡና ዕብራይስጡ የሚለያዩበት ቦታ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይከፈላል፤ በአንዱ ግእዙ፣ በሁለተኛው ጽርኡ፣ በሦስተኛው ዕብራይስጡ ይጻፋል። ከዚያ አራት ነገር ይታያል፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ተጨማሪ ቃል አለ ወይ፣ ቁጥሩ ነጠላ ነው ወይስ ብዙ፣ የቃሉ ቅደም ተከተልስ? ሁላችንም በቃላችን በምናውቀው በመዝሙር 22 እንሞክረው።

ግእዙ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» ይላል። ዕብራይስጡ «አዶናይ ሮዒ» ነው፤ «ሮዒ» ስም ነው፣ «እረኛዬ» ማለት ነው። ጽርኡ ግን «ኪሪዮስ ፖይማይኔይ ሜ» ብሎ ስሙን ግሥ አድርጎታል፤ «ጌታ ይጠብቀኛል» እንደማለት። ግእዙም ግሥ ነው። ሁለተኛው ሐረግ ይበልጥ ግልጽ ነው። ዕብራይስጡ «ሎ ኤሕሳር» ሲል «አላጣም» ማለቱ ነው፤ የሚያጣው ወይም የማያጣው «እኔ» ነኝ። በጽርኡ ግን «ካይ ኡዴን ሜ ሂስቴሬሴይ» ነው፤ ባለቤቱ «ምንም ነገር» ሲሆን «እኔ» ተሳቢ ሆኛለሁ፤ ከፊቱም ዕብራይስጡ የሌለው «ና» ገብቷል። ግእዙን እንደገና አንብቢው፦ «ወ» አለ፣ «አልቦ ዘ» አለ፣ «እኔ»ም በ«ኒ» ተሳቢ ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ግን አስተውዪ። «ኡዴን» በጽርእ አንድ ቃል ነው። ግእዙ ግን በራሱ መንገድ «አልቦ ዘ» ብሎ ፈታው። ማለትም ባለቤቱን የወሰደው ከጽርእ ነው፤ ያዋቀረው ግን በራሱ ሰዋስው ነው። የተቀዳ ነገር ሁሉ እንዲህ ድብልቅ ነው፤ ሙሉ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሚገርመው፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እንደ ዕብራይስጡ ስም ሆኗል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን የግእዙንና የጽርኡን ባለቤት እንደያዘ ቀርቷል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ መስመር ተገናኝተዋል።

ከሃይፋ

ይህን ሳነብ ዕብራይስጡን አውጥቼ አስተያየሁት፤ ልክ ነው፣ «ሮዒ» ስም ነው። ሌላም አገኘሁ። ዘፍጥረት 1፥1 በዕብራይስጥ «ሃሻማይም» ነው፤ አወጣጡ የብዙ ነው። ግእዙ ግን «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል፤ ሰማይ ነጠላ። ጽርኡስ እንዴት ነው? ደግሞ የእኛ ቄሶች የሚያነቡት ኦሪትም ግእዝ ነው። እኛ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው ስንባል ነው ያደግነው። በዚህ ዘዴ ሊፈተን ይችላል?

ሦስት ዓምድ

ጽርኡም «ቶን ኡራኖን» ነው፤ ነጠላ። ስለዚህ ያገኘኸው ጥሩ ምስክር ነው፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ግእዝ በራሱም «ሰማይ» ብሎ በነጠላ ይናገራል።

የቤተ እስራኤል ኦሪት ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አንድ የግእዝ ትርጉም ነው። መፈተኛ ከፈለግህ ዘፍጥረት 5፥3ን ክፈት። አዳም ልጁን ሴትን ሲወልድ ዕድሜው በዕብራይስጡ 130 ነው፤ በጽርኡ 230። ግእዙ 230 ይላል። ቁጥር እንደ ቃል አያሻማም። ይህ የምንጩን ጉዳይ ይናገራል እንጂ ኦሪቱን በእጃቸው ጠብቀው ያቆዩትን ሰዎች ክብር አይነካም።

ዘቅኔ ቤት

ልጆቼ፣ ጉባኤው መልካም ነው፤ ግን አንድ ዓምድ ጎድሏል። ሱርስትስ የት ገባ? ተስዓቱ ቅዱሳን ብዙዎቹ ከሶርያ ወገን እንደመጡ ይነገራል። «ሃይማኖት»፣ «ጣዖት»፣ «ምጽዋት» የሚሉት ቃሎቻችንም የአራማይስጥ ቃና አላቸው። የሱርስቱ ዳዊት «ማርያ ነርዔኒ» ይላል፤ እሱም እኮ ግሥ ነው! ቀጥሎም «ምንም አይጎድልብኝም» ዓይነት ነው። እንግዲህ «ይሬዕየኒ» ከጽርእ መጣ ለማለት በምን ተደፈረ?

ሦስት ዓምድ

የኔታ፣ ትልቅ ነገር አነሱ፤ ልክ ነዎት። በመጀመሪያው ቁጥር ሱርስቱና ጽርኡ አብረው ስለሚሄዱ፣ ያ ቁጥር ዕብራይስጡን ብቻ ነው የሚያወጣው። እኔም እዚያ መቆም አልነበረብኝም። ሁለተኛውን ቁጥር ልጨምር።

ግእዙ «ወኀበ ማየ ዕረፍት ሐፀነኒ» ይላል። «ሐፀነ» ማሳደግ ነው፤ ሕፃን እንደሚታቀፍና እንደሚመገብ። በዕብራይስጡ «የናሃሌኒ»፣ «ይመራኛል» ነው። ሱርስቱም ከ«ደበረ» የወጣ ግሥ ነው ያለው፤ እሱም መምራት ነው። ጽርኡ ብቻ «ኤክሴትሬፕሴን ሜ» ይላል፤ «አሳደገኝ፣ መገበኝ»። ከ«ይመራኛል» ተነስቶ «ሐፀነኒ» ላይ የሚደርስ ተርጓሚ የለም። ከዚያው ቁጥር በፊተኛው ሐረግ ደግሞ ስለ ለመለመው ስፍራ ከተናገረ በኋላ ግእዙ «ህየ» የሚል ቃል ያስገባል፤ «እዚያ» ማለት ነው። ዕብራይስጡም ሱርስቱም ይህ የላቸውም። ጽርኡ «ኤኬይ» አለው። ለትርጉሙ የማያስፈልግ ትንሽ ቃል ናት፤ ስለማታስፈልግም ነው ምስክርነቷ የሚጠነክረው። ተርጓሚው ከራሱ ሊያመጣት ምክንያት አልነበረውም፤ ፊቱ ስላገኛት ጻፋት።

ስለ «ሃይማኖት» ያሉትም እውነት ነው፤ ቃሉ ከአራማይስጥ የመጣ ነው። ግን አንድ ቃል በሕዝብ አፍ መግባቱና አንድ መጽሐፍ ከዚያ ቋንቋ መተርጎሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እነዚያ ቃላት ትርጉሙ ሲጀመር ግእዝ ሆነው ጠብቀውት ሊሆን ይችላል። የአረፍተ ነገር አካሄድ ግን እንደ ቃል በገበያ አይመጣም፤ ከተከፈተ መጽሐፍ ነው የሚመጣው።

ዘቅኔ ቤት

«ህየ» አሳምናኛለች። በ«ሐፀነኒ» ላይም መምህራን «አሳደገኝ» ብለው ነው የሚተረጉሙት እንጂ «መራኝ» አይሉም። ተቀብያለሁ።

ብርሃኑ 7

እኔም የምጨምረው አለኝ። «ጠረጴዛ» ግሪክ ነው፤ «ትራፔዛ»። ስለዚህ አማርኛችንም በግሪክ የተሞላ ነው። ሌሎችም ካሉ ዝርዝር ብትሰጡን?

ወለተ ዳዊት

ወንድም ብርሃኑ፣ «ጠረጴዛ» ቃሉ ራሱ የመጣ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ቃሉ ሳይመጣ አሠራሩ ብቻ ስለመጣበት ነው። ግን ጥሩ ሐሳብ ሰጠኸኝ፤ በአንድ ቃል ደረጃስ እንዲህ ያለ የትርጉም ውሰት አለ? እስካሁን ያየነው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ዘቅኔ ቤት

አለ እንጂ፣ ልጄ። የቃናውን ሠርግ አስቢ፤ ዮሐንስ 2። ውኃው ወይን ከሆነ በኋላ የቀመሰው «ሊቀ ምርፋቅ» ነው። ይህን ቃል በሌላ ቦታ ፈልጊ፤ አታገኚውም ማለት ይቻላል። «ረፈቀ» ለማዕድ ጋደም ብሎ መቀመጥ ነው፤ «ምርፋቅ» የሚቀመጡበት ስፍራ። ጽርኡን የምታውቁ ንገሩን።

ሦስት ዓምድ

ጽርኡ «አርኪትሪክሊኖስ» ነው። «አርኪ» አለቃ፣ «ትሪክሊኖስ» ሦስት መጋደሚያ የተዘረጋበት የግብር ቤት። ተርጓሚው ቃሉን ከመገጣጠሚያው ሰነጠቀው፦ ለ«አርኪ» «ሊቀ» አደረገ፣ ለቀረው «ምርፋቅ» አደረገ፤ «ሦስት» የሚለውን ተወው። ጽርእ ሁለት ቃል አጣብቆ አንድ ያደርጋል፤ ግእዝ አያጣብቅም፤ ስለዚህ በዘርፍ አያያዘው። ይህ ቅርጽ አንዴ ከተገኘ በኋላ በየቦታው ሠራ፦ «አርኪኤሬውስ» ሊቀ ካህናት፣ የምኩራብ አለቃው ሊቀ ምኵራብ፣ ዘኬዎስ ሊቀ መጸብሓን፣ የመላእክቱ አለቃ ሊቀ መላእክት። ልብ በሉ፣ በጽርኡ «ካህን» በነጠላ ነው የተጣበቀው፤ ግእዙ ግን «ካህናት» ብሎ አበዛው፤ ምክንያቱም አለቃ የሚሆነው በብዙዎች ላይ ነው። እዚህም ቅርጹ ከዚያ፣ ስሜቱ ከዚህ። ዛሬ «ሊቀ መንበር» ስንል የምንሠራው በዚያው ቅርጽ ነው።

በአጠገቡ ደግሞ ቅርጹን ያልተቀበለ ቃል ላስቀምጥ። «አፖስቶሎስ» በጽርእ «የተላከ» ነው። ግእዝ «ልኡክ» ማለት ይችል ነበር፤ ሥሩ በእጁ ነበረ። ግን «ሐዋርያ» አለ፤ «ሖረ» ከሚለው፣ «ሂያጅ»። ይህ የትርጉም ውሰት አይደለም፤ ተርጓሚው የራሱን ቃል ነው የመረጠው። ስለዚህ አንድ የሃይማኖት ቃል ከጽርኡ ጋር በትርጉም ስለተገናኘ ብቻ የተቀዳ ነው አይባልም፤ ክፍሎቹ አንድ በአንድ መገጣጠም አለባቸው።

ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ብቻ የሚሰፋበት። «ሰማዕት» ከ«ሰምዐ» ነው፤ የሰማ፣ የመሰከረ። ጽርኡ «ማርቲስ»ም በመጀመሪያ ተራ የፍርድ ቤት ምስክር ነበር፤ በኋላ ስለ እምነቱ ደሙን ላፈሰሰ ሰው ዋለ። ግእዙ ያንኑ መንገድ ሄደ። ዛሬ በአማርኛ «ሰማዕት» ስንል መስማትም ሆነ መመስከር ትዝ አይለንም።

ዘአክሱም

ስለ ዳዊቱ ተምሬያለሁ። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ግእዙ «አውሥአ ወይቤ» ይላል፤ ሁለት ግሥ በ«ወ»። ዕብራይስጡም ልክ እንደዚሁ ነው፤ «ወያዓን ወዮመር»፣ «መለሰም አለም»። ጽርኡ ግን «አፖክሪቴይስ ኤይፔን»፣ «መልሶ አለ» ነው። እዚህ ግእዙ ጽርኡን ትቶ ዕብራይስጡን ተከተለ ማለት አይደለም?

ሦስት ዓምድ

ጥሩ አድርገህ ይዘኸዋል፤ ዘዴው ሰውን የሚያሳስትበት ቦታም ይኸው ነው። «አውሥአ ወይቤ» በወንጌልም ሞልቷል፤ ወንጌሉ ደግሞ ዕብራይስጥ ምንጭ የለውም። ስለዚህ እዚያ ሊከተለው የሚችለው ዕብራይስጥ አልነበረም። የሆነው ይህ ነው፦ ጽርእ አንዱን ግሥ ያስረዋል፤ ግእዝ ደግሞ ሁለት ተከታታይ ድርጊት ሲገጥመው ሁለት ቀዳማይ አንቀጽ በ«ወ» ማያያዝ ይቀናዋል። ጽርኡን በራሱ ልማድ ሲፈታው ሳያስበው ዕብራይስጡ ላይ ወደቀ። ዘመዳሞች ስለሆኑ ያጋጥማል። ስለዚህ ግእዙ ከዕብራይስጡ ጋር ሲገጥምም መጠርጠር አለብን፤ ከጽርኡ ጋር ሲገጥምም እንዲሁ።

«እንዘ ይብል»ን ከዚህ ጋር አነጻጽረው። እዚያ ጽርኡ «ሌጎን» ይላል፤ ገና እየተደረገ ያለ ድርጊት። ለዚህ ግእዝ «እንዘ» የሚል ዝግጁ አገባብ ስላለው ከካልኣይ አንቀጽ ጋር አያያዘው። «እንዘ» የግእዝ ሀብት ነው። በየገጹ እንዲህ መብዛቱ፣ ከተናገረ ግሥ ሁሉ በኋላ መለጠፉ ግን ከጽርኡ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚቀዳው ቅርጹ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው።

ወለተ ዳዊት

እንግዲህ «ዘበሰማያት» እና «ለዓለመ ዓለም»ስ?

ከሃይፋ

«ለዓለመ ዓለም»ን እኔ ልሞክር። መዝሙር 44 ላይ «መንበርከ እግዚኦ ለዓለመ ዓለም» ይላል። ዕብራይስጡ «ዖላም ዋዔድ» ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት በ«ወ» የተያያዙ። የግእዙ ግን አንዱን ቃል ደግሞ በዘርፍ አያይዞታል፤ «የዓለም ዓለም»። ጽርኡ «አዮና ቱ አዮኖስ» ከሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል።

ሦስት ዓምድ

ነው፤ ልክ እንደዚያው ነው፣ ቃሉ ተደግሞ በዘርፍ። ጥሩ አይተሃል።

«አቡነ ዘበሰማያት»ን በተመለከተ፣ ጽርኡ «ሆ ኤን ቶይስ ኡራኖይስ» ነው፤ ያለ ግሥ፣ «ያ በሰማያት» እንደማለት። ግእዙ «ዘ» እና «በ»ን ደርቦ ያለ ግሥ አለፈው። አማርኛ ይህን አልቻለም፤ «በሰማያት የምትኖር» ብሎ ግሥ ጨመረ። ግን «ዘ» ከ«በ» ጋር መደረቡ ለግእዝ እንግዳ ስላልሆነ ትልቁ ምስክር እሱ አይደለም። ምስክሩ ቁጥሩ ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ አምላክን «እግዚአ ሰማይ» ይለዋል፤ ነጠላ። በጸሎቱ ግን መጀመሪያ «ዘበሰማያት»፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር»። ለምን አንድ ጊዜ ብዙ፣ አንድ ጊዜ ነጠላ? ጽርኡን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ «ኤን ቶይስ ኡራኖይስ» ብዙ፣ ቀጥሎ «ኤን ኡራኖ» ነጠላ። ተርጓሚው መለዋወጡን ሳይነካ አሳለፈው።

በዚያው ጸሎት ያልተቀዳውንም ማየት ይቻላል። ጽርኡ «ዕዳችንን» ይላል፤ በቃል የምንደግመው ግእዝ «አበሳነ ወጌጋየነ»፣ ሁለት ቃል። ጽርኡ «አድነን» ሲል አንድ ግሥ ነው፤ ግእዙ «አድኅነነ ወባልሐነ»። ለአንድ ቃል ሁለት የሚያስቀምጥ ተርጓሚ ቃል እየቆጠረ አልሠራም፤ ወይም ሁለት አማራጭ ትርጉሞች በኋላ ተጣምረዋል።

ዘቅኔ ቤት

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በእጃችሁ ያለው መጽሐፍ የትኛው ነው? የድሮው ግእዝና ዛሬ የታተመው አንድ አይደሉም። ተማሪ አንድ ነገር አገኘሁ ብሎ ይመጣል፤ ሲታይ የኋለኛ እርማት ሆኖ ይገኛል።

ሦስት ዓምድ

የኔታ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ይህን ዘንግቼው ነበር። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ከዓረብኛ ነው። በመካከለኛው ዘመን መጽሐፎቹ ከዓረብኛ ጋር እየተያዩ ታርመዋል። በዚህ ላይ ሁለት አባ ሰላማዎች ይምታታሉ፦ ከሣቴ ብርሃን የዒዛና ዘመኑ ነው፤ «መተርጉም» የሚባለው ግን ከ1348 እስከ 1388 እ.ኤ.አ. ጳጳስ የነበረው ነው። «አባ ሰላማ ተረጎመው» የሚል ስታገኙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ መካከላቸው አንድ ሺህ ዓመት አለ።

ሁለተኛው ወጥመድ የሐዋርያት ሥራ ነው። ግእዝ ሐዲስ ኪዳን መጀመሪያ የታተመው በ1548ና በ1549 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በአባ ተስፋ ጽዮን እጅ ነው። የሐዋርያት ሥራ ቅጂያቸው ጎደሎ ስለነበረ የጎደለውን ከላቲንና ከጽርእ እንደሞሉት ራሳቸው ጽፈዋል። ያ ኅትመት በ1657 ለንደን ላይ በብዙ ቋንቋ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደገና ገባ፤ ከዚያም ብዙዎች ጠቀሱት። ከዚያ ተነስታችሁ «ይኸው የጽርእ አሰካክ» ብትሉ፣ የአክሱም ተርጓሚ ሳይሆን የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ሊሆን ይችላል። ለወንጌል በዓድዋ አቅራቢያ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች አሉ፤ ብራናቸው በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። ለዳዊትና ለኦሪት ግን እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅጂ ስለሌለን ከላይ ያልኩት ሁሉ በኋለኞች ቅጂዎች ላይ የቆመ ነው።

አሁን አንድ የሚያከራክር ልጨምር። ዮሐንስ 1፥1፦ «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ፤ ወውእቱ ቃል ኀበ እግዚአብሔር ውእቱ፤ ወእግዚአብሔር ውእቱ ቃል»። ሦስተኛው ሐረግ በጽርኡ «ካይ ቴኦስ ኤን ሆ ሎጎስ» ነው። ቅደም ተከተሉ ቃል በቃል አንድ ነው። ግን ጽርኡ ባለቤቱን የሚያውቀው «ሆ» በምትባለው ምልክት ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ወደፈለገው ቢያዞር አይጠፋበትም። ግእዝ ያቺ ምልክት የለችውም። ቅደም ተከተሉን ወስዶ ምልክቱን ሲተው፣ ባለቤቱ የትኛው እንደሆነ ከሰዋስዉ ብቻ አይታወቅም። «ኤን» ደግሞ «ነበረ» ነው፤ «ውእቱ» ጊዜ የለውም። የ1954ቱ አማርኛ ሁለቱንም ጠግኗል፦ «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ»።

በሁለተኛው ሐረግ ያለው «ውእቱ ቃል» ግን ያቺን «ሆ» ለመተካት የገባ ይመስለኛል።

ዘቅኔ ቤት

በዚህስ አልስማማም፣ ልጄ። ራስህ ሦስት ሐረግ አስቀመጥክ። ጽርኡ በሦስቱም «ሆ ሎጎስ» ካለ፣ ግእዙ በመጀመሪያው ባዶ «ቃል»፣ በሦስተኛውም ባዶ «ቃል» ነው። በሁለተኛው ብቻ «ውእቱ ቃል» አለ። ምልክቱን ሊተካ ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም በተካ። ይህ «ያ የተናገርነው ቃል» ብሎ መጠቆም ነው፤ ግእዝ ሲተርክ የሚያደርገው።

ሦስት ዓምድ

ከሦስት አንድ መሆኑ ከባድ ነጥብ ነው፤ አልክድም። ግን በሦስተኛው ሐረግ «ውእቱ» ቀድሞ ስለገባ ሁለተኛ «ውእቱ» ቢደረብ ጆሮ አይቀበለውም ነበር። ስለዚህ የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከአንድ ጥቅስ የሚፈታ አይመስለኝም፤ መላውን ዮሐንስን መቁጠር ይጠይቃል።

ወለተ ዳዊት

አባቴም ወንድሜም፣ ቆጠራውን ከዚያው ምዕራፍ ጀመርኩ። ቁጥር 14 «ወውእቱ ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ» ይላል። እዚህም «ውእቱ ቃል» አለ፤ ከቁጥር 1 በጣም ርቆ ስለመጣ መጠቆምም ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱም ሊሆን ይችላል። ግን «ኮነ» መጨረሻ ላይ መሆኑን አየሁ፤ ግእዝ ግሡን ማስቀደም የሚወድ ከሆነ «ወኮነ ቃል ሥጋ» አይልም ነበር? ደግሞ «ኀደረ»፤ በመዝሙር 22 ከ«ህየ» ጋር የመጣው ግሥም ከዚሁ ሥር ነው። በጽርኡ ሁለቱ አንድ ናቸው?

ሦስት ዓምድ

ቅደም ተከተሉ «ሆ ሎጎስ ሳርክስ ኤጌኔቶ» ነው፤ ቃል፣ ሥጋ፣ ኮነ። ልክ እንዳልሽው። ግሦቹም ዘመዳሞች ናቸው፤ በዮሐንስ «ኤስኬኖሴን»፣ በዳዊት «ካቴስኬኖሴን»፤ ሁለቱም «ስኬኔ» ከሚለው፣ ድንኳን። ጽርኡ «ድንኳኑን ተከለ» የሚል ሥዕል አለው፤ ግእዙ ድንኳኑን ትቶ ማደሩን ያዘ፣ ግን በሁለቱም መጽሐፍ አንድ ሥር ተጠቀመ። አንድ ሰው ሁለቱን እንደተረጎመ አያሳይም፤ ለዚህ የጽርእ ግሥ የታወቀ የግእዝ አቻ ተለምዶ እንደነበረ ግን ያሳያል። ቆጠራውን ቀጥዪ፤ «ውእቱ» ጽርኡ ምልክት በሌለበት ቦታ ስም ላይ ከመጣ ቁጥሩን ጻፊልን፤ ያ ለየኔታ ይፈርዳል።

ዘቅኔ ቤት

ጽርኡ ምልክት ባለው ቦታ ግእዙ ባዶ የተወውንም አብረሽ ጻፊ። እሱ ይበዛል።